ያልታዘዘ ቀኝ እጅ

ሱሉልታ የእግር ከተማ ናት። ጠዋት ከተከራየሁት ቤት ስወጣ የማገኘው ሯጭ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ታካሚ ሆኖ የሚመጣልኝም ያው ሯጭ ነው። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ የተረከዝ ጅማት። ሐኪም ሆኜ እዚያ በተመደብኩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውን ከወገቡ በላይ የማየው ሲያስለው ብቻ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ትከሻን በመርሳቴ ግን አልተከፋሁም። ከትከሻ ጋር የተቀያየምነው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። የቃል ፈተና ላይ መምህራችን የትከሻን አንጓ ዙሪያውን አቅፈው የሚይዙትን አራት ጡንቻዎች ከነነርቮቻቸው ጠየቁኝ። ስማቸውን እንደ ዳዊት ደገምኩት፦ ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴሬስ ማይነር፣ ሰብስካፑላሪስ። ነርቭ ላይ ስደርስ አራቱንም ለአንድ ነርቭ ሰጠሁና አረፍኩ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እግዜር አራት ነርቭ የተጠቀመበትን አንቺ በአንድ ገላገልሽው» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። ለነገሩ ታካሚ ሆኖ የተቀመጠልን ሰውዬም ሳቀ።

በዚያ ንዴት ለሦስት ቀን ሌላ ነገር አላጠናሁም። የመጀመሪያው ጡንቻ እጅን ወደ ጎን ማንሳት ይጀምራል፤ ሁለተኛው ክንድን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ሁለቱ ሱፕራስካፑላር የሚባል አንድ ነርቭ ይጋራሉ። ሦስተኛው፣ ትንሹ ቴሬስ ማይነር፣ እሱም ወደ ውጭ ያዞራል፤ ነርቩ ግን በብብት በኩል ዞሮ የሚመጣው ነው፤ ትከሻን የሚሸፍነው ትልቁ ዴልቶይድም ከዚያው ነርቭ ነው የሚበላው። አራተኛው ከሰፊው የትከሻ አጥንት ፊት፣ ከጎድን አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተደበቀ ነው። ክንድን ወደ ውስጥ ያዞራል፤ የራሱ ሁለት ትንንሽ ነርቮችም አሉት። በንዴት ስለተማርኩት ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እላችኋለሁ።

ጊዜው የማስተር ፕላን ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ልትሰፋ ነው፣ ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ሊጠቃለሉባት ነው ተብሎ አገሩ ተናውጧል። አንድ ቀን የጎጃም መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ በማግስቱ ይከፈታል፣ ሦስተኛው ቀን ሚኒባሶቹ ራሳቸው የሉም። እናቴ ሰበታ ሆና በየቀኑ ትደውላለች፤ እኔ ስለ ሰበታ እጨነቃለሁ፣ እሷ ስለ ሱሉልታ ትጨነቃለች፤ ሁለታችንም «እዚህ ሰላም ነው» እያልን እንዋሻለን። የዚያ ሰሞን የተቃውሞው ምልክት ሁለት እጅን ከራስ በላይ አንስቶ የእጅ አንጓ ላይ ማጠላለፍ ነበር። ልጆች ይጫወቱበታል፤ አዋቂዎች ይታሰሩበታል።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ የፌዴራል ፖሊስ ኢንስፔክተር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይዞ ምርመራ ክፍሌ ገባ። ሽማግሌው ስልሳውን ያለፉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጋቢያቸውን የጠቀለሉ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ከሩቅ ክልል የመጣ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰው ነበር። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ከጀርባ የተነሳ ነው፦ ሕዝብ፣ አቧራ፣ መሃል ላይ ባርኔጣና ጋቢ ያደረገ ሰው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጠላልፏል። ከጀርባው ከታየ ደግሞ ሱሉልታ ውስጥ ያንን ሰው የማይመስል ገበሬ ማግኘት ይከብዳል።

«ሰልፉን ሲመሩ ነበር የሚል ጥቆማ አለ» አለ። «እሳቸው በልጃቸው አፍ እኔ አይደለሁም፣ ቀኝ እጄ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው ይላሉ። እዚህ አገር ስንይዘው እጁ የማይሞት የለም። ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። ወይ ከሌሎቹ ጋር ይጫናሉ፣ ወይ ወረቀት ትሰጪኝና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

«የት ነው የሚጫኑት?»

«ሩቅ» አለ።

በመስኮቱ ሳይ ልጃቸው ናት የተባለች ሴት በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሰዓቱ አምስት ከሩብ ነበር።

ሽማግሌው አማርኛቸውን የዚያን ቀን ቤት ጥለው ነው የመጡት። ኢንስፔክተሩ ሲያናግራቸው ግድግዳ ያያሉ። ስለዚህ የምታስተረጉምልን ነርሷ ሆነች፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው የሠራች፣ ግማሹን የከተማ ሰው ያዋለደች፣ ሐኪም ቀርቶ የጤና ሚኒስትር የማትፈራ ሴት። ሰበታ ስላደግሁ ኦሮምኛውን እሰማለሁ። ኢንስፔክተሩ ግን አንዲት ቃል አይሰማም፤ ነርሷም ይህንን ከበሩ ሲገባ ነው ያወቀችው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። በራሳቸው ነቀነቁልኝ። ታሪካቸውን በነርሷ በኩል ሰማሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በሬ ጎትቶ ጥሏቸው ትከሻቸው ወለቀ። ወጌሻ መለሰው። በደንብ ነው የመለሰው፣ ስሙን አላጠፋም፤ አጥንቱ ቦታው ላይ ነው። እጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዘዘም።

እንግዲህ ምርመራ የሚጀምረው በሽተኛው ራሱ እጁን እንዲያነሳ በማድረግ ነው። ፊት ለፊታቸው ቆምኩና «እንደኔ ያድርጉ» ብዬ ሁለት እጄን በጎን አንስቼ ከራሴ በላይ አገጣጠምኳቸው። ችኩል ስለሆንኩ የእጅ አንጓዬ ላይ ተጠላለፉ።

«ዶክተር! አውርጂ!» አለ ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«ምርመራ ነው።»

«አውርጂ አልኩ!»

«ይሄ እኔም አንተም ሳንወለድ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ምርመራ ነው» ብዬ አወረድኩ። ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

የሽማግሌው ግራ እጅ ሽቅብ ወጣ። ቀኙ ከጎናቸው አንድ ስንዝር ያህል ራቀና ቆመ፤ ትከሻቸው ብቻ ወደ ጆሯቸው ተሰቀለ። እሺ። አራቱን ጡንቻዎች አንድ በአንድ ልጀምር ስል ነርሷ ድምጿን ለስለስ አድርጋ «ኦቦ፣ ሁንዱማ ላፊሳ» አለቻቸው። ሁሉንም ልል ያድርጉት ማለት ነው።

«ምን አልሻቸው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አይፍሩ አልኳቸው።»

ሽማግሌው እንደተባሉት እጃቸውን ልል አደረጉት። አንደኛው ዜሮ፣ ሁለተኛው ዜሮ፣ ሦስተኛው ዜሮ። ለአራተኛው መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ አስቀምጬ፣ ክርናቸውን ወደ ፊት አድርጌ፣ ሆድዎን ይጫኑ አልኩ። እጃቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ከጀርባ የሚሠራውንም ልሞክር ብዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ወደ ኋላ አዞርኩና ከጀርባዎ ያርቁት አልኩ።

«ያቺኛዋን እኛም እንሠራታለን» አለ ኢንስፔክተሩ ካቴናውን እየነካካ።

እሱም አልሆነም። ሁሉም ዜሮ። ኢንስፔክተሩ እያየኝ ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ እስካሁን አይጥመኝም። እኔም ሽማግሌውን አየሁ። ጋቢያቸው እንዳይወድቅ ሆዳቸው ላይ ጭምቅ አድርገው የያዙት በዚያው በሞተው ቀኝ እጃቸው ነበር። ኢንስፔክተሩ ገና አላየም። ቢያይ ግን ለዚያ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

ነርሷን ጓንት እናምጣ ብዬ ወደ ኮሪደር ይዣት ወጣሁ። ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«አንቺ ወረቀት ጻፊ፣ እኔ ሰው ላትርፍ።»

«እየገደልሻቸው ነው እንጂ! ትከሻ እንዲህ ተባብሮ አይሞትም። አራቱ አንድ ነርቭ አይደለም ያላቸው። የሚዋሽ ሰው ነው ሁሉንም የሚያሰንፈው። እጃቸው በእውነት ታሞ ሳለ አንቺ የውሸት አስመሰልሽው።»

ከዚያ በፊት አንድም ቀን ተቆጥቼያት አላውቅም ነበር። «እና እጃቸው ቢበረታ አይጫኑም?» አለች፤ ድምጿ የእናት ነበር እንጂ የነርስ አልነበረም።

«የሚበረታው ይበርታ። የማይበረታው ራሱ ይናገራል» አልኩ። እንዲህ በልበ ሙሉነት የተናገርኩት ልቤ ሞልቶ አልነበረም። አንዱ እንኳ ካልበረታ፣ ወይም የማይገባው ከበረታ፣ ሽማግሌውን በገዛ እጄ መኪናው ላይ መስቀሌ ነው።

ተመለስንና አሁን በአማርኛ፣ ኢንስፔክተሩ እንዲሰማ ጮክ አድርጌ፣ «ኦቦ፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ያለዎትን ኃይል ሁሉ ይስጡኝ። አይዘኑልኝ» አልኩ። ነርሷን አዩ። ነርሷ «ኤዬ» ብላ በእሺታ ነቀነቀችላቸው።

እኔ ራሴ ክንዳቸውን ቀስ ብዬ አነሳሁት። እስከ ላይ ድረስ ያለ ችግር ሄደ፤ አንጓው አልደረቀም፣ አልተቆለፈም። ከዚያ ወደ ትከሻቸው ቁመት አወረድኩት፣ ትንሽ ወደ ፊት አመጣሁት፣ አውራ ጣታቸውን ወደ መሬት አዞርኩ፤ ኩባያ ውሃ የሚደፋ ሰው ዓይነት አያያዝ ነው። ሱፕራስፓይናተስ የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ ወደ ታች ይጫናል፣ ታካሚው ይገፋል። «ልለቅዎት ነው፣ ይያዙት» አልኩ። ለቀቅሁ። ክንዱ ዱብ አለና ጎናቸውን መታ። ሽማግሌው ፊታቸው በላብ ወርዝቷል፤ ይህ ማስመሰል አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የራሱን እጅ አንስቶ አውራ ጣቱን ወደ ታች አዞረ። ሳየው አወረደው።

ቀጥሎ ክርናቸውን ጎናቸው ላይ አጥፌ ክንዱን ወደ ውጭ ይግፉ አልኩ፤ ኢንፍራስፓይናተስ። አልገፋም። ራሴ ወደ ውጭ አዙሬ ስለቀው ወደ ሆዳቸው ተመለሰ። ሦስተኛው ቴሬስ ማይነር ነው። ክንዳቸውን በአንድ እጄ ከስር ደግፌ ወደ ጎን አነሳሁ፣ ክርናቸውን አጠፍኩ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ እንደ ቆመ ይያዙት አልኩ፤ መለከት ሊነፋ የተዘጋጀ ሰው አቋም ነው። መዳፉ ወደ ፊት ተደፋ። ሦስት።

አራተኛው ላይ ስደርስ በልቤ ድንግልን ጠራሁ። መዳፍ ሆድ ላይ፣ ክርን ወደ ፊት። «ይጫኑ።» ጫኑ። እጃቸውን ልስብ ሞከርኩ፤ አልመጣም። በሁለት እጄ ሳብኩ። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ከነወንበራቸው ተጎተቱ እንጂ አልለቀቁም። እንደዚያ ቀን በሰው ጉልበት ተደስቼ አላውቅም።

«ይኸው በረታ!» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሞቷል ሲሉ አልነበር?»

«አልሞተም። መሞትም የለበትም» አልኩና ወረቀት ላይ ሣልኩለት። «መብራት ሲጠፋ ታውቃለህ፤ የዚህ ማዶ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ የዚህ ማዶ ይጨልማል፣ የዚያ ማዶ ይበራል። የሚዋሽ ሰው የመስመሩን ካርታ አያውቅም፣ ሁሉንም ያጠፋል። እሳቸው ያጠፉት በትክክል መጥፋት ያለበትን ነው። ትከሻ ሲወልቅ የሚጎዳው ነርቭ በብብት የሚያልፈው ነው፤ ሦስተኛውና ይህ የሟሸሸው የትከሻ ሥጋ የእሱ ናቸው። የላይኞቹ ሁለቱ በሌላ ነርቭ ነው የሚሠሩት፤ በእርሳቸው ዕድሜ ግን ትከሻ ሲወልቅ ጅማታቸው ይበጠሳል። አራተኛው የራሱ መስመር አለው፣ አልተነካም።»

«ካርታውን አንቺ ብትነግሪያቸውስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ተናደድኩ እንጂ ጥሩ ነበር። «እሺ፣ ለማንም ያልነገርኩትን አንተ ራስህ መርምር» አልኩት። ያ በብብት የሚያልፈው ነርቭ ከጡንቻው ሌላ ከትከሻ ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል ያለ፣ መዳፍ የምታህል ቆዳ ያገለግላል። ነርቩ ከተጎዳ ያ ቆዳ ብቻ ይደነዝዛል። መርፌ ሰጠሁት። ሽማግሌውን ዓይናቸውን አስጨፍኜ ቦታውን በራሴ ትከሻ ላይ በጣቴ አሳየሁት። ኢንስፔክተሩ የዚያች ቆዳ መሃል ላይ ወጋ፤ ዝም። ደግሞ ወጋ፤ ዝም። ሦስተኛውን ሦስት ጣት ዝቅ አድርጎ ወጋ።

«ቀስ በል አንተ! ቆዳ እኮ ነው!» አሉ ሽማግሌው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። ደክሞት የነበረ ሰው ነው፤ ሳቁን ማቆም አቃተው፤ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጠረገ። ነርሷ «አማርኛውም በዚያ ነርቭ ነው መሰለኝ የሚመጣው» አለች።

ወረቀቱን ጻፍኩ። ሁሉንም ነው የጻፍኩት፤ የትኛው ጡንቻ እንደሰነፈ፣ የትኛው እንደበረታ፣ የደነዘዘውን ቆዳ፣ በራሳቸው ኃይል ቀኝ ክንዳቸውን እንደማያነሱ። መጨረሻ ላይ፣ የአንጓው እንቅስቃሴ ሙሉ ነው፣ በሌላ እጅ ሲነሳ ክንዱ ከራስ በላይ ይደርሳል ብዬም ጻፍኩ። ይህንን መተው ሐኪምነት አይደለም። ኢንስፔክተሩ «በራሳቸው ኃይል አያነሱም» የሚለው ድረስ አነበበና ዓይኑን ወደ ማኅተሙ ወረወረ። በእኛ አገር ወረቀት የሚነበበው ማኅተሙ ነው። «ፎቶው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው» አለና ሄደ።

ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ወጡ። ሰባት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ትከሻቸው ጤነኛ የሆኑ ሌሎች ሰዎች ተጭነውበት በጎጃም መንገድ ሲያልፍ መስኮቱ ላይ ቆሜ አየሁት። የዚያን ቀን ያተረፍኩት አንድ ሰው ነው፤ ለዚያውም ሕመሙ ነው ያተረፈው። ምሳ አልበላሁም፤ አፍሬ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠሯቸው ነበርና መጡ። ነርሷ አላስፈለገችንም፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ሁለት ዓመት የቆየ ስለሆነ ነርቩ ይመለሳል ብዬ እንደማልዋሻቸው፣ ጅማቱን ግን አዲስ አበባ ያለ የአጥንት ሐኪም ቢያየው ጥሩ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አዲስ አበባ ምን ያስኬደኛል? እሷው ወደ እኔ እየመጣች አይደል!» አሉ።

ሳቅን። እንግዲያው አንጓው እንዳይደርቅ የሚሠሩት ነገር ላሳይዎት አልኩ። በጤነኛው እጅ የታመመውን ይዞ ወደ ላይ ማንሳት ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ላሳያቸው ስነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ።

በግራ እጃቸው የቀኛቸውን አንጓ ያዙ። ቀስ ብለው አነሱት፤ በደረታቸው በኩል፣ በፊታቸው በኩል፣ ከባርኔጣቸው በላይ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለቱ አንጓዎች ከራሳቸው በላይ ተጠላልፈዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ስለነበር የማየው ጀርባቸውን ነበር፤ ባርኔጣና ጋቢ። የስልኩ ፎቶ ራሱ ነው።

«ወረቀትሽ ውሸት የለበትም፣ ልጄ» አሉ ሳይዞሩ። «እሱ በራሱ አይነሳም። በጤናው ዘመኔ ለማንም አንስቼው አላውቅም ነበር፤ ለቀበሌ ስብሰባ እንኳ። የአባቴን መሬት በሜትር ሊለኩ የመጡ ለታ ግን፣ እንዴት ሞቷል ብዬ ቤት ልተወው? ተሸክሜው ሄድኩ።»

ተናድጄባቸው ነበር፤ በእኔ ማኅተም ተጫውተዋል። ፈርቼም ነበር። ከሁለቱም በላይ ግን እንባዬ መጣ። በሩን ዞሬ አየሁት፤ ዝግ ነው። ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ የሁለት እጅ ክብደት ለአንድ እጅ ይከብዳል። «ያውርዱት» ልል ነበር፤ ተውኩት። ሄድኩና ቀኝ ክርናቸውን ከስር ደግፌ ያዝኩላቸው።